በ«ነፍስ ይማር» መሃል የገባው የበርበሬ ማስታወቂያ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ትንሽ የባልትና ሱቅ አለችኝ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ እሸጣለሁ። ገበያው ሲቀዘቅዝብኝ «ሰው ሁሉ በቴሌግራም ነው የሚሸጠው» አሉኝና ባለሁባቸው ግሩፖች ሁሉ በየቀኑ መለጠፍ ጀመርኩ፤ በእድሩ፣ በማኅበሩ፣ በልጆቼ ትምህርት ቤት የወላጆች ግሩፕ። አንድ ማለዳ የእድሩን ግሩፕ ሳላይ የለጠፍኩት ከመርዶ ሥር ገባ። ሰው ነፍስ ይማር ይላል፣ የኔ «ልዩ የበርበሬ ቅናሽ» መሃሉ ላይ። ጸሐፊው አጥፍቶት እኔንም አስወጣኝ። እልህ ያዘኝና ከግሩፖቹ ለ63 ሰው በውስጥ መስመር ላክሁ። 9 መለሱ፣ 2 ገዙ፣ አንዷ የባሌ እህት ናት። ከዚያ ቴሌግራሙ ራሱ ለማላውቀው ሰው መጻፍ ከለከለኝ። እድርተኛ መንገድ ላይ ሳይ አንገቴን እደፋለሁ። በርበሬዬ ግን እውነት ጥሩ ነው፣ የቀመሰ ይመለሳል። ሰው ሳላሰለች እንዴት ልሽጥ?
ባለ ባልትናዋ፣ ከጎንደር

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ፣ ይቅር በይኝ። ከዚያ ግን ሳቄ ቶሎ ቆመ። እኔም አንዴ የቤተሰብ ግሩፕ ውስጥ አጎቴ ሆስፒታል ገባ ከሚል መልእክት ሥር የሚስቅ ፊት ልኬያለሁ፣ ከላይ ላለው ቀልድ ነበር። እስከ ዛሬ ይነሳብኛል። ስለዚህ ያንቺን ማለዳ በደንብ አየዋለሁ።

ስለ ሽያጭ ከማውራታችን በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለቅሶ ቤቱ ሄደሻል? ደብዳቤሽ ውስጥ አላገኘሁትም። ካልሄድሽ ዛሬ ሂጂ። ቀኑ ቢያልፍም «ሳልደርስ ቀረሁ» ብሎ የሚመጣ ሰው አይመለስም። እዚያ ስለ ማስታወቂያው ካላነሱብሽ አንቺም አታንሺ፣ ካነሱት «ሳላይ ነው፣ በጣም አፍሬያለሁ» በቂ ነው። ከዚያ ጸሐፊውን በአካል አግኚው። በስልክ አይሁን፣ ረጅም የይቅርታ ጽሑፍም ወደ ግሩፑ በሌላ ሰው አታስልኪ። ግሩፑ ውስጥ የሚነበብ ይቅርታ መርዶውን እንደገና ወሬ ያደርገዋል። «ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ፣ ከዚህ በኋላ እዚያ ስለ ሱቄ አንድ ቃል አልጽፍም፣ መርዶ እንዳያመልጠኝ ብቻ መልሰኝ» በይው። ይሄ ማባበያ አይደለም፣ እውነት ነው። ዛሬ ብዙ እድር ጥሪውን የሚያሰማው በግሩፑ ነው፣ ሳትሰሚ ቀርተሽ ቀብር ከቀረሽ ደግሞ ቅጣቱም ሐሜቱም ይከተልሻል። ሲመልስሽም ቃልሽን ጠብቂ። የእድር ግሩፕ ለንግድ የሞተ መሬት ነው፣ አንድ ጊዜም ቢሆን።

አሁን ወደ ቴሌግራሙ እንምጣ። የከለከለሽ ሰው የለም፣ ከ63ቱ የተወሰኑት መልእክትሽን ስፓም ብለው አመልክተዋል ማለት ነው። ቁጥርሽን ስልካቸው ላይ ያልመዘገቡ ሰዎች ሲያመለክቱ ቴሌግራም አካውንቱን ለጊዜው ይገድበዋል። ቴሌግራም ውስጥ @SpamBot ብለሽ ፈልጊ፣ ሰማያዊ ምልክት ያለበትን ክፈቺና /start በይው። ተገድበሽ እንደሆነና ብዙ ጊዜም መቼ እንደሚነሳልሽ ይነግርሻል። እስከዚያ ቁጥርሽን ከመዘገቡና አንቺም ከመዘገብሻቸው ሰዎች ጋር መጻጻፍ ትችያለሽ፣ ቀድሞ ለሚጽፍልሽም መመለስ ትችያለሽ። ሌላ ሲም ገዝተሽ በሌላ አካውንት እንዳትቀጥዪ ግን አደራ። እዚያም ሲያመለክቱብሽ እሱም ይገደባል። ከዚያ በላይ ደግሞ ማራኪ ትንሽ ሰፈር ናት፣ በአዲስ ቁጥር የመጣውንም በርበሬ የማን እንደሆነ ያውቁታል።

ዋናው ነገር ግን ከደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ አለ። «የቀመሰ ይመለሳል» ብለሻል። ተመልሶ ሲመጣ ሌላ ሰው ይዞ ይመጣል ወይ?

ይህን የምጠይቅሽ በርበሬ እንደ ጫማ ስላልሆነ ነው። የተፈጨ በርበሬ በፎቶ አይታወቅም። ቀይ ነው፣ ሁሉም ቀይ ነው። ገዢዋ የምትፈራው ባዕድ ነገር እንዳይቀላቀልበት ነው፣ ዛላው ሳይቀነጠስ ከነግንዱ እንዳይፈጭ፣ የሻገተ እንዳይገባበት። ይህን ፍርሃት ሻጭ ሊያጠፋው አይችልም፣ «የኔ ንጹህ ነው» የማይል ሻጭ የለማ። ሊያጠፋው የሚችለው ወጡን የበላች ጎረቤት ናት። ስለዚህ 63 ሰው ጋር የላክሽው መልእክት በደንብ ተጽፎ ቢሆንም ያው ነበር፣ የተሳሳተ አፍ ነው የተናገረው። አንቺ ማድረግ ያለብሽ ትክክለኛዋ አፍ ስትናገር የምትናገረው ነገር እጇ ላይ እንዲኖር ነው።

ለዚህ ደግሞ ቻናል ክፈቺ፣ ግሩፕ ሳይሆን። ልዩነቱ ለአንቺ ትልቅ ነው። ግሩፕ ውስጥ ሰው ሲወጣ ይታያል፣ ስለሚያፍር ይቀራል፣ ሲቀር ደግሞ ይማረርብሻል። ሌላው ሻጭም ገብቶ ደንበኞችሽን አንድ በአንድ ያገኛቸዋል፣ አንቺ ራስሽ ያደረግሽውን ያደርግብሻል ማለት ነው። ቻናል ላይ የምትጽፊው አንቺ ብቻ ነሽ፣ ተከታዮቹ እርስ በርስ አይተያዩም፣ የሰለቸው ማንም ሳያውቅበት ይወጣል። ስትከፍቺው ለሁሉም ክፍት የሆነውን ምረጪ፣ የራሱ መጠሪያ ያለውን። ዝግ ካደረግሽው አንዷ ደንበኛሽ ለእህቷ ስታስተላልፍላት እህቷ ስሙን ነክታ መግባት አትችልም፣ ወሬው እዚያው ይሞታል።

ሰው አታስገቢ። ቴሌግራም ከስልክሽ እስከ 200 ሰው ራስሽ እንድትጨምሪ ይፈቅድልሻል፣ ፈተናውም እዚያ ነው። ሳይጠየቅ የገባ ሰው ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል ወይ ይወጣል። ይልቅ ኪሎውን ሚዛን ላይ ስታስቀምጪ ጠይቂ፦ «አዲስ ሲፈጭ እንዲያውቁ ቻናሌ ውስጥ ይገባሉ? በሳምንት ቢበዛ አንድ ጊዜ ነው የምጽፈው።» እሺ ካለች እዚያው ስልኳን ታወጣለች፣ የቻናሉን ኪው አር ኮድ አሳትመሽ ሚዛኑ አጠገብ ለጥፈሽ ከሆነ አንስታ ትገባለች። እምቢ ካለች በርበሬዋን ይዛ ትሄዳለች፣ ምንም አልሆነም። በዚህ መንገድ ወር ሙሉ 40 ሰው ብታገኚ ከ63ቱ ይበልጥብሻል፣ 40ውም በርበሬሽን የቀመሱ ናቸው።

አሁን ምን ትጽፊያለሽ? «ልዩ ቅናሽ» የሚለውን ተይው። የምትጽፊው ነገር ሲኖር ብቻ ጻፊ፣ ባልትና ቤት ደግሞ የሚጻፍ ነገር ሞልቶታል፣ ሥራው ራሱ ቀን አለው። ዛላው ሲገባ ቆጥ ላይ ወይ ሰሌን ላይ ተሰጥቶ በቀን ብርሃን አንሺው፣ ከመቀንጠሱ በፊት። ሲቀነጠስ የወጣውን ግንድና የተጣለውን ነጭ የሻገተ ዛላ ለብቻ ከምረሽ ሌላ ፎቶ። ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ በሶብላው ከመደለዙ በፊት በየሣህኑ። እኔ ገዢ ብሆን ያ የተጣለው ክምር ከአሥር ማስታወቂያ ይበልጥብኛል። ገዢዋ የምትፈራው እሱን ነዋ፣ ውጭ ሲወጣ አየችው።

ከዚያ ወፍጮ ቤት ከመሄድሽ በፊት ይህን የመሰለ ነገር ትጽፊያለሽ፦

«የተደለዘ በርበሬ ዓርብ ጠዋት ይፈጫል። 25 ኪሎ ነው የሚወጣው። የኪሎ ዋጋ (እዚህ ቁጥሩን)። ማራኪ፣ (እዚህ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ምልክት)። ማየት የሚፈልግ ሐሙስ ከሰዓት ዛላውን ሱቅ መጥቶ ማየት ይችላል። ለማስቀመጥ በዚህ ቁጥር ይደውሉ።»

ይኸው ነው። ዋጋውን አትደብቂ። «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ሻጭ ሁላችንንም ያናድደናል፣ አንቺን ደግሞ ሁለት ጊዜ ይጎዳሻል። ደንበኛሽ መልእክቱን ለጓደኛዋ ስታስተላልፍ ጓደኛዋ የምትጠይቀው መጀመሪያ ስንት ነው፣ ቀጥሎ የት ነው ብላ ነው። ሁለቱም እዚያው ካሉ ወሬው ሳይቆም ይሄዳል፣ ከሌሉ ደንበኛሽ ያንቺ ጸሐፊ ልትሆን ነው፣ አትሆንልሽም። ቁጥሩንም በፎቶው ላይ ሳይሆን በጽሑፍ አድርጊው፣ ነክቶ እንዲደወል። የተላለፈው መልእክት ከላዩ የቻናልሽን ስም ይዞ ይሄዳል፣ የፈለገ ነክቶት ይመጣል፣ ያልፈለገም በርበሬ መኖሩን አውቆ ያልፋል።

25 ኪሎ ካልሽ 25 ኪሎ ይሁን። ሲያልቅ «አልቋል፣ ቀጣዩ ከሁለት ሳምንት በኋላ» ብለሽ መልእክቱን አስተካክዪው፣ አዲስ አትጻፊ። አልቋል እያሉ ጓዳ አስቀምጦ መሸጥ የሚባል ነገር አለ፣ እሱን አትጀምሪ።

ስንት ጊዜ ልጻፍ ብትዪኝ እኔ በሳምንት ከአንድ አላልፍም። በበዓል ዋዜማ ሁለት ይሁን። ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል የሽሮ ነው፣ 55 ቀን ነው፣ ሰው አስቀድሞ ይገዛል። ለፋሲካ የዶሮ ወጥ በርበሬ። ክረምቱ ሳይገባ ደግሞ ዝናብ ከመጣ ማድረቅ ስለሚከብድ ብዙ ቤት ቀድሞ ያስፈጫል፣ ያኔ አንድ ጊዜ አስታውሺያቸው። በመሃል ምንም ከሌለ ዝም በዪ። ማታ ወይ ማለዳ ስትጽፊ የመላኪያውን ቁልፍ ተጭነሽ ብትቆዪ Send without sound የሚል ይመጣል፣ ያ ሰው ሳይቀሰቅስ ይደርሳል።

ስለ ዋትስአፕም ትንሽ ልበል፣ ውጭ አገር ያለ ዘመድ በብዛት እዚያ ስላለ። ብሮድካስት የሚባለው ዝርዝር እስከ 256 ሰው ይይዛል፣ ግን የሚደርሰው ቁጥርሽን ስልኩ ላይ ለመዘገበ ሰው ብቻ ነው። ጉድለት አይምሰልሽ፣ የማያውቅሽን ሰው እንዳትደርሺበት የተሠራ አጥር ነው። ስቴተስ ላይ የምትለጥፊው ፎቶ ደግሞ 24 ሰዓት ቆይቶ ይጠፋል፣ ማየት የፈለገ ያያል። ለዛላው ፎቶ ጥሩ ቦታ ነው።

የወላጆቹና የማኅበሩ ግሩፕስ? እዚያ ገና አልተባረርሽም፣ ስለዚህ ዝም በዪ። ካልተጠየቅሽ አትናገሪ። አንድ ቀን አንዷ እናት «እባካችሁ ጥሩ በርበሬ የት ይገኛል?» ብላ ትጽፋለች፣ መጻፏ አይቀርም። ያኔ ምን ታደርጊያለሽ? እጅሽ ስልኩ ላይ ይሮጣል፣ አውቃለሁ። 20 ደቂቃ ጠብቂ። ከደንበኞችሽ አንዷ ቀድማ «ማራኪ እንዲህ ያለች ሴት አለች» ካለች ያለቀ ነገር ነው፣ አንቺ «አመሰግናለሁ፣ ያለሁት እዚህ ነው» ብለሽ አንድ መስመር ጨምሪና ሌላውን በውስጥ ጨርሺ። ማንም ካልተናገረ አንቺው «እኔ እሸጣለሁ፣ ከፈለግሽ በውስጥ ልጻፍልሽ?» በያት። አንድ ጊዜ፣ ለጠያቂዋ ብቻ። ጓደኛሽን «አንቺ ጠይቂ፣ እኔ እመልሳለሁ» ብለሽ እንዳታዘጋጂ። ይሄ ጨዋታ ሁለተኛው ላይ ይነቃል። አንዳንድ ግሩፕ ደግሞ ለማስታወቂያ የተለየ ቀን አለው፣ አስተዳዳሪውን በውስጥ ጠይቂው፣ ካለ በዚያ ቀን ብቻ ለጥፊ።

ሰው ለላከልሽ ደንበኛ ምን ታደርጊያለሽ የሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነውና። «አንድ ሰው ላመጣ 50 ብር» የሚል ነገር ለመጻፍ ትፈተኚ ይሆናል። አትጻፊው። ያቺ ጎረቤት ብር እንዳገኘችበት የታወቀ ቀን ደላላ ትሆናለች፣ ቃሏም የደላላ ቃል ይሆናል፣ አንቺን ያኖረሽ ደግሞ ቃሏ ነበር። እኛ ለዚህ ድሮም የራሳችን ነገር አለን፣ ምርቃት። እቃውን ከመዘንሽ በኋላ ከላዩ የምትጨምሪያት እፍኝ። አዲሷ ደንበኛ «እከሊት ልካኝ ነው» ስትል ለእሷ እዚያው በእፍኝ ጨምሪላት። የላከቻት ደግሞ በሚቀጥለው ስትመጣ ትንሽ ሚጥሚጣ በወረቀት ጠቅልለሽ «ሰው ልከሽልኝ ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ» በያት። ሳታስተዋውቂ፣ ሳትቆጥሪ፣ ከሆነ በኋላ። ያን ቤቷ ሄዳ ታወራዋለች።

ይህ ሁሉ እየሠራ መሆኑን በምን ታውቂያለሽ? አንድ የ50 ገጽ ደብተር ግዢ። አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር «ማን ነገረዎት?» ብለሽ ጠይቂና መልሱን ጻፊ። ቀን፣ የሰውየው ስም ወይ ሰፈር፣ ማን እንደነገረው፣ ስንት ኪሎ። ከወር በኋላ ስታዪው ከ40 ደንበኞችሽ ሦስት ወይ አራት ሴቶች ስማቸው እየተደጋገመ ታገኚያለሽ ብዬ እገምታለሁ፣ ወሬ ሁሌም በጥቂት ሰው ነው የሚዞረው። እነሱን እወቂያቸው። አዲስ ነገር ስትሞክሪ፣ ለምሳሌ የምጥን ሽሮሽን ቅመም ስትቀይሪ፣ መጀመሪያ ለእነሱ አስቀምሺ፣ ግን ለሰው ንገሩልኝ አትበያቸው።

ቻናሉም የራሱ ምልክት አለው። ከእያንዳንዱ መልእክት ሥር ዓይን የምትመስል ምልክትና ቁጥር አለ፣ ስንት ሰው እንዳየው ነው። ያ ቁጥር መልእክቱ ተላልፎ ሌላ ቦታ የታየውንም ይጨምራል። 40 ተከታይ ኖሮሽ አንዱ መልእክት 75 ጊዜ ከታየ ሰው እያስተላለፈልሽ ነው። እንዲያ የሄደውን መልእክት ለይተሽ እዪው፣ ምን ነበረበት? የተጣለው ክምር ፎቶ ነበር ወይስ የወፍጮው ቀን? በተቃራኒው 40 ተከታይ ኖሮሽ 12 ሰው ብቻ ካየው ሌሎቹ ድምፁን አጥፍተውታል፣ እየበዛባቸው ነው። በጻፍሽ ማግስት ሁለት ሦስት ሰው ከወጣም ያው ነው። ያን ጊዜ መልሱ የተሻለ መጻፍ ሳይሆን ሁለት ሳምንት ዝም ማለት ነው።

አንድ ቀን ደግሞ የሚያመው ይመጣል። አንዷ በሰው ሁሉ ፊት «ከአንቺ የገዛሁት በርበሬ አሸዋ አለው» ትላለች። አትሟገቺ፣ ምስክርም አትጥሪ። «ይቅርታ እህቴ፣ ዛሬውኑ ይዘሽው ነይ፣ ወይ ልጅ ልላክ፣ እቀይረዋለሁ» በያት እዚያው፣ ሌላውን በውስጥ። ከዚያ ከዚያው ዙር የቀረውን ራስሽ ጥርስሽ ላይ ሞክሪው። እውነት አሸዋ ካለው ቻናልሽ ላይ ቀኑን ጠቅሰሽ የገዙትን ሁሉ ጥሪያቸው። ኪሳራው ይታየኛል፣ ወፍጮ ቤቱ ላይም ትናደጂ ይሆናል። ዛላውን ገና ሲገባ ያሳየሽ ሰው ግን ይህንንም ማሳየት አለበት።

የባልሽ እህት ነገር አልወጣልኝም። ከ63ቱ ከገዙት ሁለት አንዷ እሷ ናት፣ ያን ሁሉ ሰው ስታስቸግሪ እሷ ግን ዝም ብላ ገዛች። በርበሬውን ወደደችው? አልጠየቅሻትም መሰለኝ። ዛሬ ማታ ደውዪላት፣ ስለ ሽያጭ ሳይሆን ወጡ እንዴት እንደወጣ። ጥሩ ነው ካለች ደብተሩን ከእሷ ስም ጀምሪ።